ሜኑው መሃል ላይ ተቆረጠ፣ ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም? (ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ብር አላላክ)

ሀዋሳ አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ካርድና ሶፍት ምናምን እሸጣለሁ፣ ከዛ ጎን ለጎን ደሞ የሞባይል ገንዘብ ኤጀንት ነኝ። ማታ ማታ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጡ ልጆች ይመጣሉ፣ ደሞዝ የወጣ ሰሞን እማ ሰልፍ ነው፣ ሁሉም ለእናት ለአባት ወይ ለታናሽ የሚልኩት አላቸው። ብዙዎቹ የያዙት ያቺን ቁልፍ ያላትን ባትሪዋ ሶስት ቀን የምትቆየዋን ስልክ ነው፣ አፕ የለ ኢንተርኔት የለ። እና በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሶስቴ የምሰማት ጥያቄ አለች፦ "ብር እየላክሁ ሜኑው መሃል ላይ ጠፋብኝ፣ ብሩ ሄደ ወይስ አልሄደም?" ይቺን ጥያቄ በደንብ ሳትመልሱ ድጋሚ የላካችሁ ቀን ነው እጥፍ የሚወጣው። ስለዚ አላላኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጽፋለሁ ግን ብዙ የምቆየው እዛች የምትቆረጥበት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገርየው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ይሄን ያወቀ ሰው ሲቆረጥበት አይደነግጥም። ብሩ ስልካችሁ ውስጥ የለም፣ ሲም ካርዱ ውስጥም የለም። ያለው ድርጅቱ ጋ በስልክ ቁጥራችሁ በተከፈተ ሂሳብ ላይ ነው። ስልኩ መስኮት ብቻ ነው፣ በሱ በኩል "ይሄን ያህል ለዚህ ቁጥር ላክልኝ" ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፣ ሥራው የሚሠራው እዛ ማዶ ነው። ስልካችሁ ቢሰበር ቢጠፋ ሂሳቡ አይነካም። ኢንተርኔት ለምን እንደማይፈልግ ደሞ፣ ሜኑውን ለማምጣት የምትደውሉት ኮድ የሚጓዘው ስልክ ስትደውሉ ጥሪው በሚያልፍበት የኔትወርክ መንገድ ነው፣ ዳታ ያስፈልገዋል የሚባል ነገር የለም። መደወል የሚቻልበት ቦታ ከሆነ ሜኑውም ይመጣል።

ከኤስኤምኤስ ጋር ግን አይምታታባችሁ። ኤስኤምኤስ ስልካችሁ ዝግ ቢሆን እንኳ ይጠብቅና ስትከፍቱ ይገባል። ሜኑው እንደዛ አይደለም፣ እንደ ስልክ ወሬ ነው፣ እናንተ ትጠይቃላችሁ እሱ ይመልሳል፣ መስመሩ ከተቆረጠ ወሬው እዛው አለቀ፣ ስልኩም ላይ ምንም ነገር አይቀመጥም። ስልኩ ላይ የሚቀር ማስረጃ በኋላ የሚመጣው ኤስኤምኤስ ብቻ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

እሺ ወደ ሥራው። ከመደወላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛው የመልእክት ሳጥናችሁን አጽዱ። ይሄን ማንም አይነግራችሁም ግን ከምንም በላይ ችግር የሚያመጣው እሱ ነው። ቁልፍ ያላቸው ስልኮች የሚይዙት መልእክት ትንሽ ነው፣ የሎተሪ የማስታወቂያ የጥቅል መልእክት ይሞላዋል፣ ከሞላ በኋላ አዲስ አይገባም፣ ስክሪኑ ላይ የፖስታ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች ወይም ቦታ የለም የሚል ነገር ይጽፋል። የማረጋገጫው ኤስኤምኤስ ኔትወርኩ ጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እናንተ ግን አልመጣም ብላችሁ ታስባላችሁ። አስር ሃያውን አሮጌ መልእክት ሰርዙት፣ ብር የላካችሁባቸውን ግን ተዉአቸው። ሁለተኛው ያላችሁን ባላንስ አይታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ለምን እንደሆነ አሁን አልናገርም፣ ታዩታላችሁ።

ከዛ ኮዱን ትደውላላችሁ። ሀዋሳ ላይ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ቴሌብር ስለሆነ በሱ ልሂድ፣ 2013 ዓ.ም ግንቦት ላይ ከተጀመረ ጀምሮ ኮዱ ኮከብ 127 መሰላል ነው፦

```
*127#
```

ኤም ፔሳ የምትጠቀሙ በሳፋሪኮም ሲም *733# ነው፣ ሲቢኢ ብር ደሞ *847# ነው፣ አካሄዱ ግን ያው ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ከሆነ ሲደውል "ሲም 1 ወይስ ሲም 2" ብሎ ይጠይቃል፣ ቴሌብር የከፈታችሁበትን የኢትዮ ቴሌኮም መስመር መምረጥ አለባችሁ። በሌላው ሲም ከደወላችሁ ወይ ስህተት ይላችኋል ወይ ሌላ ነገር ይከፍትላችኋል፣ ብዙ ሰው "ኮዱ አይሠራም" ብሎ የሚመጣው በዚህ ነው። የአየር ሰዓት ባይኖራችሁም ሜኑው ይከፈታል፣ ካርድ ሙሉ ተብሎ የሚነገራችሁ ካለ አትስሙት።

ሜኑው ሲመጣ ከጎኑ ቁጥር ያለው ዝርዝር ነው። መልሱን ለመጻፍ መጀመሪያ "መልስ" ወይም Reply የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ከዛ ቁጥሯን ጽፋችሁ ትልካላችሁ። እዚህ ጋ ብር መላኪያው ስንት ቁጥር ላይ እንዳለ የማልጽፍላችሁ ሆን ብዬ ነው። ሜኑው አገልግሎት ሲጨመርበት ቦታው ይቀያየራል፣ "ሁሌ አንድ ነው" ብሎ በቃሉ የያዘ ሰው አንድ ቀን ሌላ ነገር ይነካል። ሁሌ አንብባችሁ ምረጡ።

አማርኛ የመረጠ ሰው ዝርዝሩ በትንሽ በትንሹ ሲመጣበት ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። አይደለም። አንድ የሜኑ ገጽ በላቲን ፊደል እስከ 182 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን 80 ገደማ ብቻ ነው የሚችለው ምክንያቱም የኛ ፊደል ሲላክ ብዙ ቦታ ይወስዳል። ስለዚ በአማርኛ ያው ዝርዝር ብዙ ገጽ ላይ ይከፋፈላል፣ ከታች "ቀጣይ" የሚል ነገር ከነቁጥሩ ወይ ከነምልክቱ ይኖራል እሱን ጽፋችሁ ትቀጥላላችሁ። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ደሞ ግዕዝ ጭራሽ ስለማያነብ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ሳጥን ያሳያል፣ ያን ጊዜ ቋንቋውን በላቲን ወደሚጻፍ ቀይሩት፣ ኦሮምኛ ለሚያነብ ኦሮምኛ አለ፣ ካልሆነ እንግሊዝኛ። በሳጥን ላይ ገምቶ ቁጥር መምታት ግን በጭራሽ!

ብር መላኪያው ውስጥ ስትገቡ የተቀባዩን ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ከዛ መጠኑን። ቁጥሩን ከቃላችሁ አትጻፉ፣ ወረቀት ላይ ትልቅ ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉትና ከፊታችሁ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ሜኑው ከተከፈተ በኋላ ወጥታችሁ የስልክ ማውጫ ውስጥ ልፈልግ ብትሉ ይዘጋል። ሜኑው ደሞ ብዙ አይጠብቅም፣ ዝም ስትሉት ራሱ ይዘጋል፣ ዓይናችሁ ደከም ካለ ወይ ቁልፍ መጫን ቀስ የምትሉ ከሆነ የሚቆረጥባችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው ምክንያት መሃል ላይ ስልክ ሲደወልላችሁ ነው። ጥሪ ሲገባ ብዙ ስልክ ላይ ሜኑው ይጠፋል።

በመጨረሻ ለማን ምን ያህል እንደምትልኩ አሳይቶ ፒን ይጠይቃችኋል። እዚህ ቆም በሉ። የቁጥሩን የመጨረሻ አራቱን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፣ የብሩን ዜሮ ቁጠሩ። ፒኑ ቴሌብር ላይ ስድስት ቁጥር ነው፣ እና እንደ ስማርት ስልክ በነጠብጣብ አይሸፈንም፣ ስትጽፉት ስክሪኑ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ሰልፍ ውስጥ ከሆናችሁ ጀርባችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ። ከኔ ከኤጀንቱም ደብቁ፣ አልቀየምም፣ እኔ የናንተን ፒን የምፈልግበት አንድም ምክንያት የለም። ፒኑን ሁለቴ ከሳታችሁት ደሞ ለሦስተኛ አትሞክሩ፣ ደጋግሞ ሲሳሳት ይቆለፋል፣ ወጥታችሁ በደንብ አስታውሱት።

አሁን ወደዛች ጥያቄ። ሜኑው ሲቆረጥ የመጀመሪያው ነገር "ፒኔን ልኬያለሁ ወይስ አልላኩም?" ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ፒን ሳትልኩ ከተቆረጠ፣ ቁጥሩንም ብሩንም ጽፋችሁ ቢሆን እንኳ፣ ምንም ብር አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ የጻፋችሁት ወሬ ነው፣ ወሬው ተቋረጠ በቃ። በነፃነት ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ፒን ልካችሁ መልስ ሳይመጣ ከተቆረጠ ግን ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ፒኑ ከስልካችሁ ሳይወጣ ተቆርጦ ከሆነ አልሄደም። ፒኑ ደርሶ፣ ማዶ ያለው ሥራውን ጨርሶ "ተሳክቷል" የሚለው መልስ ሊመጣላችሁ ሲል ተቆርጦ ከሆነ ግን ብሩ ሄዷል፣ እናንተ ያጣችሁት መልሱን ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፣ ባዶ ወይም ስህተት የሚል ጽሑፍ። ስማርት ስልክ ላይ Connection problem or invalid MMI code ይላል፣ ብዙ ሰው ይሄን አይቶ "አልሄደም ማለት ነው" ይላል፣ እሱ ግን የሚያወራው ስለ መስመሩ እንጂ ስለ ብሩ አይደለም።

ስለዚ ያን ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ። አምስት ደቂቃ ያህል ኤስኤምኤስ ጠብቁ፣ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው፣ ስንት ብር ለማን እንደሄደ፣ የአገልግሎት ክፍያው ከነቫቱ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የግብይት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ደሞ የቀራችሁ ባላንስ ይጻፍበታል። ካልመጣ የፖስታ ምልክቷን እዩ፣ ሳጥኑ ሞልቶ ከሆነ ሰርዛችሁ ቦታ አስለቅቁ። አሁንም ካልመጣ *127# ብላችሁ ባላንስ ብቻ እዩ። ያ ወረቀት ላይ የጻፋችሁት ቁጥር የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ የላካችሁትን ያህልና ጥቂት የክፍያ ብር ከቀነሰ ሄዷል፣ እንዳለ ከሆነ አልሄደም። ባላንሱ ኤስኤምኤስ ቢዘገይም አይዋሽም። ባላንስ ሳታዩ ድጋሚ መላክ የለም።

ባለፈው የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ፣ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት የምትሠራ፣ አለታ ጩኮ ላለች እናቷ 1,500 ብር ልትልክ እቤቷ ሆና ትደውላለች። ባላንሷ 3,412 ብር ነበር። ፒኗን ልካ መልስ እየጠበቀች አብራት የምትኖረው ልጅ ደወለችላት፣ ሜኑው ጠፋ። ትንሽ ጠበቀች፣ ኤስኤምኤስ የለም። "በቃ አልሄደም" ብላ እንደገና ላከች፣ አሁን ተሳክቷል አላት፣ ኤስኤምኤስ ግን አሁንም የለም። ግራ ገባትና ለሦስተኛ ስትሞክር በቂ ሂሳብ የለዎትም አላት፣ ያኔ ነው እየሮጠች እኔ ጋ የመጣችው፣ "ብሬን በሉት" እያለች።

ስልኳን ሳየው የፖስታ ምልክቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች። አሮጌ መልእክቶቿን ስናጠፋ ወዲያው ባይሆንም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለት መልእክት ተከታትለው ገቡ፣ ሁለቱም ከ127፣ ሁለቱም 1,500 ብር፣ የግብይት ቁጥራቸው ግን የተለያየ፣ ሰዓታቸው በሰባት ደቂቃ የሚራራቅ። የመጀመሪያው ላይ የቀረው ባላንስ 1,900 ገደማ ይላል፣ ሁለተኛው ላይ 400 ገደማ። ማለትም የተቆረጠው ሄዶ ነበር። ያኔ ባላንሷን ብቻ አይታ ቢሆን 1,900ዋን ስታይ ይገባት ነበር። ማንም አልበላትም ብሩ በሙሉ እናቷ ጋ ነው፣ ግን ቤት ኪራይ የምትከፍልበት ነበር፣ እዛው ቆማ እንባዋ መጣ፣ እኔንም አመመኝ።

መፍትሔው ቀላል የሆነው ተቀባይዋ እናቷ ስለሆነች ነው። ደወልን፣ እናትየውም "ብሩ በዝቶብኝ ገርሞኝ ነበር" አሉ፣ በማግስቱ የጎረቤት ልጅ ሜኑውን እያነበበላቸው ፒኑን ራሳቸው አስገብተው 1,500ውን መለሱላት። ተቀባዩ የማታውቁት ሰው ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ቁጥር ተሳስታችሁ ከላካችሁ ወዲያው 127 ላይ ትደውላላችሁ፣ የግብይት ቁጥሩን ከኤስኤምኤሱ ላይ ታነባላችሁ፣ እነሱ ከተቀባዩ ጋር ይነጋገራሉ። ብሩ ካልወጣና ሰውየው ከተስማማ ይመለሳል፣ አውጥቶት ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ ስለዚ የምትደውሉበት ሰዓት ወሳኝ ነው፣ ነገ እደውላለሁ አይባልም። ያቺን ኤስኤምኤስ ሳጥን ስታጸዱ አትሰርዟት ያልኩትም ለዚህ ነው።

ተቀባይ ጋ ያለውን ደሞ በአጭሩ ልበል፣ ምክንያቱም ብሩ ደርሶም በእጅ ካልገባ ምን ዋጋ አለው። እማማ ብሩን ለማውጣት ጩኮ ያለ ኤጀንት ጋ ይሄዳሉ፣ እዛ የሚጠየቁት ከራሳቸው ስልክ *127# ብለው ገንዘብ ማውጫውን መርጠው፣ የኤጀንቱን ቁጥር (ሱቁ ላይ ተለጥፎ ያለውን) እና መጠኑን አስገብተው ፒን መስጠት ነው። ካሹን የሚሰጣቸው ኤጀንቱ ከኪሱ ነው፣ በምትኩ የሳቸው ባላንስ ወደሱ ይዞራል። ስለዚ ፒኑን ከማስገባታቸው በፊት "ካሽ አለህ ወይ?" ብለው ይጠይቁ፣ ገበያ ቀን ከሰዓት ላይ ብዙ ኤጀንት ካሽ ያልቅበታል። ገንዘብ ስታስገቡ ደሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ብር ሰጥታችሁኝ እኔ ከራሴ ባላንስ እልክላችኋለሁ፣ የኔ ባላንስ ካለቀ ካሹን ብቀበላችሁም ልልክላችሁ አልችልም። በሁለቱም ጊዜ 127 ብሎ ኤስኤምኤስ ሳይገባ፣ ካልገባም ባላንስ ሳታዩ ከሱቁ አትውጡ። ሜኑው ከተቆረጠ ደሞ እዛው ቆማችሁ ከላይ ያልኩትን አድርጉ፣ ኤጀንቱም በራሱ ስልክ ላይ ገባ አልገባ ያያል።

እናቶቻችንን የሚያታልሉበት መንገድም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። "3,000 ብር ገብቶልዎታል" የሚል ኤስኤምኤስ ይመጣል፣ አጻጻፉ ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው፣ ከዛ አንድ ሰው ይደውላል፣ "እማማ በስህተት ነው የላክሁት፣ ልጄ ታማብኛለች፣ እባክዎ ይመልሱልኝ።" እናት ናት ታዝንና ከራሷ ብር ትልካለች። የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንድ፣ መልእክቱን የላከው ማነው? 127 ሳይሆን በ09 ወይ በ07 የሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር ከሆነ የግለሰብ ጽሑፍ ነው። ሁለት፣ *127# ብላ ባላንሷን ስታይ ጨምሯል? ካልጨመረ የገባ ነገር የለም። ጨምሮ ከሆነ እንኳን ራሷ አትመልስ፣ "127 ደውለህ አመልክት፣ እነሱ ያናግሩኝ" ትበለው።

ለእናቴ ራሴ የጻፍኩላትን ወረቀት ልንገራችሁ፣ ሻንጣዋ ውስጥ አለ። *127# በትልቁ፣ ከስሩ የኔ ቁጥር፣ ከስሩ "ከተቆረጠ መጀመሪያ ባላንስ"፣ ከስሩ ባላንስ የምትጽፍበት ባዶ መስመር። ፒኑ ወረቀቱ ላይ የለም።